የካሳ ታሪክ ማስረጃ፡ መድን ሰጪውን የሚቀይር ባለተሽከርካሪ ቅናሹን ይዞ የሚሄድበት ወረቀት

ለዓመታት ያለ አደጋ ያሽከረከረ ሰው ከአንድ መድን ሰጪ ወደ ሌላው ሲዛወር የሚቀርብለት ጥያቄ አንድ ነው። ባለፉት ዓመታት ካሳ አለመጠየቁን በምን ያረጋግጣል? እውነታውን ራሱ ያውቀዋል፤ የቀድሞው መድን ሰጪም በመዝገቡ ይዞታል። አዲሱ መድን ሰጪ ግን የሚያውቀው ነገር የለም። በመሆኑም አሽከርካሪው በጥንቃቄው ያገኘው የአረቦን ቅናሽ የሚወሰነው፣ ሊተወው በተዘጋጀው ኩባንያ እጅ በሚገኝና በጽሑፍ ካልወጣ ዋጋ በሌለው መረጃ ላይ ነው።

በተለምዶ "ኖ ክሌም" እየተባለ የሚጠራው ቅናሽ አሠራሩ ቀላል ነው። መድን ገቢው በውሉ ዘመን ካሳ ሳይጠይቅ ከቆየ በሚቀጥለው ዓመት አረቦኑ በተወሰነ መቶኛ ይቀንሳል። ንጹሕ ዓመታት ሲደራረቡ ቅናሹ እስከ አንድ ጣሪያ ድረስ እያደገ ይሄዳል፣ ካሳ ሲጠየቅ ደግሞ ይቀንሳል ወይም ይቋረጣል። ችግሩ የሚጀምረው ደንበኛው ኩባንያ ሲቀይር ነው። የቀድሞው መድን ሰጪ ማስረጃውን ፈጥኖ ለመስጠት የሚያነሳሳው ጥቅም የለውም። እንዲያውም አደጋ የማያደርሰው ደንበኛ ከሁሉም ይልቅ እንዲቆይለት የሚፈልገው ደንበኛ በመሆኑ፣ ለእርሱ የሚጻፈው ደብዳቤ ቢዘገይ ኩባንያው የሚያጣው ነገር የለም። አዲሱ መድን ሰጪ በበኩሉ ማስረጃ ካልቀረበለት ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው። የሁሉንም አመልካች ቃል አምኖ ቢቀበል አደጋ የሚያበዙትም በርካሽ ዋጋ ይገቡበታል፤ የማንንም ቃል አልቀበልም ቢል ደግሞ ጥንቁቁን አሽከርካሪ ከጀማሪው ጋር እኩል ያስከፍላል። በተግባር ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው ሁለተኛው ነው።

ይህን ችግር በሕግ ለመፍታት ከተሞከሩት አሠራሮች መካከል ሰፊ ተፈጻሚነት ያለው የአውሮፓ ኅብረት አሠራር ነው። ኅብረቱ እ.ኤ.አ. ግንቦት 11 ቀን 2005 ባወጣው አምስተኛው የተሽከርካሪ መድን መመሪያ መድን ገቢው በማናቸውም ጊዜ የካሳ ታሪኩን የሚገልጽ ማስረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። ማስረጃው ቢያንስ ያለፉትን 5 የውል ዓመታት መሸፈንና በእነዚህ ዓመታት ሦስተኛ ወገኖች ያቀረቡትን የካሳ ጥያቄ፣ ወይም ምንም ጥያቄ አለመቅረቡን መግለጽ አለበት። መድን ሰጪው ጥያቄው ከቀረበለት ጊዜ አንሥቶ በ15 ቀናት ውስጥ ሰነዱን እንዲሰጥ ይገደዳል። ድንጋጌው እ.ኤ.አ. በ2009 የተሽከርካሪ መድን መመሪያዎች ተጠቃልለው በአንድ ሰነድ ሲወጡም በዚያው ተካትቷል።

በዚህ ድንጋጌ ውስጥ ትኩረት የሚሻው "በማናቸውም ጊዜ" የሚለው ሐረግ ነው። ማስረጃው ውል ሲቋረጥ የሚሰጥ የመሰናበቻ ወረቀት አይደለም። መድን ገቢው ኩባንያውን ለመልቀቅ ሳይወስን፣ ገበያውን ለማጥናት ብቻ ሊጠይቀው ይችላል። ሰነዱ የሚሰጠው ከውሳኔ በኋላ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደንበኛው በአዲሱ ኩባንያ ምን ያህል እንደሚከፍል ሳያውቅ አሮጌውን ውል ለማፍረስ ይገደድ ነበር።

ማስረጃው በተግባር ምን እንደሚሠራ ለመረዳት የፈረንሳይን አሠራር መመልከት ይጠቅማል። በዚያች አገር "ቦኑስ ማሉስ" የሚባለው የቅናሽና የጭማሪ ሥርዓት እንደየኩባንያው ፈቃድ የሚለያይ ሳይሆን በመንግሥት ደንብ የተወሰነና በሁሉም ውል ውስጥ የሚገባ ነው። እያንዳንዱ አሽከርካሪ የሚነሣው ከ1.00 ማባዣ ነው። በጥፋተኝነት ያደረሰው አደጋ ሳይኖር አንድ ዓመት ሲሞላው ማባዣው በ0.95 ይባዛል፤ ሙሉ ጥፋተኛ የሆነበት አደጋ ሲያደርስ በ1.25፣ ጥፋቱ የጋራ ሲሆን ደግሞ በ1.125 ይባዛል። ውጤቱ ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ ብቻ ተወስዶ የቀረው ይቆረጣል። ዝቅተኛው ወለል 0.50 ሲሆን እዚያ ለመድረስ 13 ንጹሕ ዓመታት ያስፈልጋሉ። ከፍተኛው ጣሪያ 3.50 ነው።

ይህን ማባዣ ከኩባንያ ወደ ኩባንያ የሚያሻግረው "ረለቬ ዳንፎርማሲዮን" የሚሰኘው የመረጃ መግለጫ ነው። በመግለጫው ላይ ውሉ የተገባበት ቀን፣ የተሽከርካሪው መለያ፣ በውሉ የተመዘገቡት አሽከርካሪዎች፣ ባለፉት 5 ዓመታት የደረሱት አደጋዎች ከነቀናቸውና ከጥፋተኝነት ድርሻቸው፣ በመጨረሻው የዓመት እድሳት ላይ የነበረው ማባዣና መግለጫው የተዘጋጀበት ቀን ይሰፍራሉ። የተጠየቀው ኩባንያ በ15 ቀናት ውስጥ መስጠት አለበት።

ለአብነት ያህል በሊዮን ከተማ የሚኖር አንድ አሽከርካሪ እንውሰድ። ውሉ የሚታደሰው በየዓመቱ ጥር 1 ቀን ነው እንበል። አምስት ዓመታት ያለ አደጋ ስላሽከረከረ ማባዣው ከ1.00 ወደ 0.95፣ 0.90፣ 0.85፣ 0.80 እያለ ወርዶ 0.76 ደርሷል። በስድስተኛው ዓመት መጋቢት ወር ላይ በመስቀለኛ መንገድ ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ተጋጨ። ሁለቱ አሽከርካሪዎች በቦታው የስምምነት ቅጽ ሞልተው ፈረሙ፤ ጥፋቱም በመድን ሰጪዎቻቸው ግማሽ በግማሽ ተከፈለ። አሽከርካሪው በዓመቱ መጨረሻ የተሻለ ዋጋ ያቀረበለት ኩባንያ በማግኘቱ ለመዛወር የመረጃ መግለጫውን ጠየቀ። በአሥረኛው ቀን የደረሰው መግለጫ ለጥር የሚሠራውን ማባዣ 0.95 ይለዋል።

ቁጥሩ ትክክል አለመሆኑን ለማወቅ የሕግ ባለሙያ አያስፈልግም። ያለፈው ዓመት የእድሳት ማስታወቂያ 0.76 ይላል። 0.95 ለ0.76 ሲካፈል 1.25 ይሆናል። ይህም ማለት ኩባንያው አደጋውን የመዘገበው አሽከርካሪው ሙሉ ጥፋተኛ እንደሆነ አድርጎ ነው ማለት ነው። የጋራ ጥፋት ተብሎ ቢመዘገብ 0.76 በ1.125 ተባዝቶ 0.855፣ የመጨረሻው አኃዝ ሲቆረጥም 0.85 በሆነ ነበር። የአዲሱ ኩባንያ መነሻ አረቦን 800 ዩሮ ቢሆን በስሕተቱ ምክንያት የሚከፈለው 760 ዩሮ፣ ትክክለኛው ግን 680 ዩሮ ነው። የ80 ዩሮ ልዩነቱ በአንድ ዓመት የሚያበቃም አይደለም። በቀጣዩ ዓመት ምንም አደጋ ባይደርስ የተሳሳተው ማባዣ 0.90፣ ትክክለኛው 0.80 ይሆናሉና ልዩነቱ እንዳለ ይቀጥላል። አንድ ጊዜ ወደ አዲሱ ኩባንያ መዝገብ የገባ ስሕተት የሚቀጥለው ሁሉ መነሻ ይሆናል።

በዚህ ጊዜ ብዙዎች የሚሠሩት ስሕተት ከአዲሱ ኩባንያ ጋር መከራከር ነው። አዲሱ ኩባንያ በሌላ ድርጅት የተሰጠን ሰነድ ማረም አይችልም። እርማቱ የሚጠየቀው ሰነዱን ካወጣው ኩባንያ ሲሆን፣ ከጥያቄው ጋር የስምምነት ቅጹ ቅጂና ያለፈው የእድሳት ማስታወቂያ ተያይዘው ይቀርባሉ። ኩባንያው ምላሽ ካልሰጠ ወይም እምቢ ካለ ጉዳዩን ለመድን ዘርፍ የሽምግልና ተቋም ማቅረብ ይቻላል።

ከስሕተት ጋር የሚምታታ፣ ነገር ግን ስሕተት ያልሆነ ሁኔታም አለ። በፈረንሳይ ደንብ የዓመቱ ሒሳብ የሚዘጋው ከእድሳቱ ቀን 2 ወራት ቀደም ብሎ ነው። ስለሆነም በምሳሌያችን ያለው አሽከርካሪ ከመጋቢት ይልቅ በኅዳር 20 ቀን ቢጋጭ ኖሮ አደጋው በመግለጫው ዝርዝር ላይ ይታያል፤ በጥር የሚሠራው ማባዣ ግን 0.72 ሆኖ፣ ማለትም አደጋ እንዳልነበረ ተቀንሶ ይገኛል። አደጋው የሚታሰበው በተከታዩ ዓመት ነው። ዝርዝሩና ማባዣው እርስ በርስ የሚቃረኑ መስለው ሲታዩ አስቀድሞ መመርመር ያለበት የአደጋው ቀን ነው። በተጨማሪም የተሰረቀ ወይም የተቃጠለ ተሽከርካሪ፣ የተሰበረ መስታወት፣ እንዲሁም ቆሞ ሳለ ማንነቱ ባልታወቀ ሰው የተገጨ መኪና በማባዣው ላይ ጭማሪ አያስከትሉም።

የኅብረቱ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2005 የሰጠው የወረቀቱን መብት እንጂ የቅናሹን መብት አልነበረም። የአንዱ አባል አገር መድን ሰጪ በሌላው አገር የተጻፈ ማስረጃን ተቀብሎ "እኛ የምናየው የአገር ውስጡን ብቻ ነው" ብሎ ሊመልስ ይችል ነበር፤ ሰነዶቹም በቋንቋና በይዘት የተለያዩ ስለነበሩ ለዚህ ምላሽ ምክንያት አይታጣም ነበር። ይህ ክፍተት እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ማሻሻያ ተመልሷል። አባል አገራት እስከ ታኅሣሥ 23 ቀን 2023 ድረስ በሕጋቸው እንዲያካትቱት በተወሰነው በዚሁ ማሻሻያ መሠረት፣ የካሳ ታሪክን ከግምት የሚያስገባ መድን ሰጪ በሌላ አባል አገር የተሰጠን ማስረጃ ከአገር ውስጡ ጋር እኩል ማየት አለበት። ደንበኛውን በዜግነቱ ወይም ቀድሞ በኖረበት አባል አገር ምክንያት ለይቶ ማየትም አይችልም። ኩባንያዎች ማስረጃውን አረቦን ለማስላት እንዴት እንደሚጠቀሙበት የሚያሳይ አጠቃላይ መግለጫ ይፋ እንዲያደርጉም ተገደዋል። በ2024 ደግሞ የኅብረቱ ኮሚሽን አንድ ወጥ ቅጽ አውጥቷል።

ይህም ሆኖ ማሻሻያው መድን ሰጪው ቅናሽ እንዲሰጥ አያስገድድም። የካሳ ታሪክን ጨርሶ የማይመለከት ኩባንያ ለሁሉም እስካልተመለከተ ድረስ በሕጉ መሠረት ትክክል ነው። ግዴታው በኅብረቱ ውስጥ የተሰጡ ማስረጃዎችን ብቻ የሚመለከት በመሆኑም፣ ከአዲስ አበባ ይዞት የሄደውን ደብዳቤ በፓሪስ ወይም በሮም የሚያቀርብ ኢትዮጵያዊ፣ እንዲሁም በተቃራኒው ከዚያ ይዞት የተመለሰውን እዚህ የሚያቀርብ ሰው ተቀባይነት የሚያገኘው በተቀባዩ ኩባንያ ፈቃድ ነው። የሚያስቆጭ ክፍተት ነው፤ ሆኖም ደብዳቤውን አለመጠየቅ ጭራሹን ዕድሉን ያሳጣል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ጉዳዩ ከሕጋችን ታሪክ ጋር የተያያዘ ሆኖ እናገኘዋለን። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ በፈረንሳውያኑ የሕግ ምሁራን በዣን ኤስካራና ኤስካራ ካረፉ በኋላ በአልፍሬድ ዦፍሬ አማካይነት የተረቀቀ ነው። በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የንግድ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1243 ሲወጣ ስለ መድን የሚደነግገው የ1952ቱ ሕግ ክፍል ሳይሻር በሥራ ላይ እንዲቆይ ተደርጓል። በዚህ ክፍል አንቀጽ 667 መሠረት መድን ገቢው ውሉ ሲደረግ መድን ሰጪው የሚገባበትን ሥጋት ለመመዘን የሚረዱትን፣ እርሱ የሚያውቃቸውን ሁኔታዎች ሁሉ በትክክል የመግለጽ ግዴታ አለበት። ያለፉት ዓመታት አደጋዎች ከእነዚህ ሁኔታዎች መካከል እንደሚመደቡ ግልጽ ነው፤ የመድን ማመልከቻ ቅጾችም ስለ ቀድሞው መድን ሰጪና ስለ ደረሱት አደጋዎች ይጠይቃሉ።

በሌላ አነጋገር ሕጉ መድን ገቢው ታሪኩን እንዲናገር ያስገድዳል። ታሪኩን በጽሑፍ የያዘው የቀድሞ መድን ሰጪ ማስረጃውን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲሰጠው የሚያዝ ድንጋጌ ግን በንግድ ሕጉ የመድን ክፍል ውስጥ አይገኝም። ሁለቱ አገሮች ሕጋቸው በአንድ ምንጭ ቢቀራረብም ፈረንሳይ በኋላ የጨመረችው ወረቀት ወደ እኛ ሕግ አልገባም። በመሆኑም በአገራችን ጉዳዩ የሚመራው በኩባንያዎች አሠራርና በደንበኛው ንቃት ነው።

ግዴታውን በማስታወስ ብቻ መወጣት የሚያስከትለውን አደጋ ሕጉ ራሱ ይነግረናል። አንቀጽ 668 ሆን ተብሎ የተደበቀ ወይም በሐሰት የተነገረ ነገር ውሉን ዋጋ እንደሚያሳጣው ይደነግጋል። አንቀጽ 669 ደግሞ ያለ ተንኮል የተፈጸመን ስሕተት ይመለከታል፤ በዚህ ጊዜ ውሉ አይፈርስም፤ ነገር ግን አደጋው ከደረሰ በኋላ ስሕተቱ ሲታወቅ የሚከፈለው ገንዘብ በተከፈለው አረቦንና ሊከፈል ይገባ በነበረው አረቦን መካከል ባለው ልዩነት ልክ ይቀነሳል። አንድ ሠራተኛ ከሦስት ዓመት በፊት የደረሰበትን ትንሽ ግጭት ረስቶ "ካሳ ጠይቄ አላውቅም" ብሎ ፈረመ እንበል። በዚህ ቃል በተሰጠው ቅናሽ 12,000 ብር ከፈለ፤ ታሪኩ ቢታወቅ ኖሮ የሚከፍለው 15,000 ብር ነበር። ከዚያም 200,000 ብር የሚያወጣ ጉዳት ደረሰበት። የከፈለው ሊከፍለው ይገባ ከነበረው አራት አምስተኛ ስለሆነ የሚያገኘው 160,000 ብር ይሆናል። በአረቦን 3,000 ብር ያተረፈው ቅናሽ በካሳ 40,000 ብር አሳጣው ማለት ነው። ከቀድሞው መድን ሰጪ የተወሰደ የጽሑፍ ማስረጃ ቅናሽ ከማስገኘቱ ባሻገር ይህን ዓይነቱን የማስታወስ ስሕተት አስቀድሞ ይከላከላል።

ማስረጃው ግን ማስረጃ የሚሆነው ይዘቱ የተሟላ ሲሆን ነው። "ደንበኛችን የነበሩ ሲሆን በቆይታቸው መልካም ግንኙነት ነበረን" የሚል ደብዳቤ ማኅተም ቢያርፍበትም ለአዲሱ መድን ሰጪ የሚነግረው ነገር የለም። "ካሳ አልተከፈላቸውም" የሚለውም በቂ አይደለም፤ አልተከፈለም ማለት አልተጠየቀም ማለት አይደለምና። ደብዳቤው የሰሌዳና የሻንሲ ቁጥር፣ የውል ቁጥር፣ መድኑ የጀመረበትና ያበቃበት ቀን በየዓመቱ ተለይቶ፣ እያንዳንዱ የካሳ ጥያቄ አደጋው ከደረሰበት ቀንና ከተከፈለው መጠን ጋር፣ በመጨረሻው ውል ላይ የነበረው የቅናሽ መቶኛ፣ እንዲሁም ደብዳቤው የተጻፈበት ቀን ሊኖሩት ይገባል። ምንም ጥያቄ ካልነበረም "በተጠቀሱት ቀናት መካከል የቀረበ፣ የተከፈለም ሆነ በእንጥልጥል ያለ የካሳ ጥያቄ የለም" ብሎ በግልጽ መጻፍ አለበት። ጽሑፉ መውጣት ያለበት ከመድን ሰጪው ነው፤ ወኪሉ ወይም አገናኙ የጻፈው ደብዳቤ አዲሱን ኩባንያ ላያረካ ይችላል።

የጥያቄው ደብዳቤ ረጅም መሆን አያስፈልገውም። "በውል ቁጥር እገሌ መድን የተገባለት፣ የሰሌዳ ቁጥሩ እገሌ የሆነ ተሽከርካሪዬ ባለፉት 5 ዓመታት የነበረውን የካሳ ታሪክ በየዓመቱ ተለይቶ፣ በእንጥልጥል ያሉ ጥያቄዎችንና በመጨረሻው ውል የነበረውን የቅናሽ መጠን ጨምሮ፣ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ" ማለት ይበቃል። ዋናው ነገር ጊዜው ነው። ውሉ ሊያበቃ ሁለት ቀን ሲቀረው የቀረበ ጥያቄ በአሮጌው ኩባንያ ዘንድ ጥድፊያን አይፈጥርም፤ ደንበኛው ግን ያለ መድን ላለመቅረት ሲል ያለ ቅናሽ ይፈርማል። ጥያቄውን ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ አቅርቦ በቅጂው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ማስመታት ይመረጣል። ደብዳቤው ሳይደርስ የአዲሱ ውል ቀን ከደረሰ ደግሞ፣ ማስረጃው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ሲቀርብ ቅናሹ ከውሉ መጀመሪያ ቀን ጀምሮ እንደሚታሰብ አዲሱን ኩባንያ በጽሑፍ ማስፈረም ይቻላል። የቃል ተስፋ በዚህ ቦታ አያዋጣም።

ከሁሉም በላይ ክርክር የሚያስነሡት በእንጥልጥል ያሉ ጥያቄዎች ናቸው። አደጋ ሲመዘገብ መድን ሰጪው ወደፊት ይከፈላል ብሎ የሚገምተውን ገንዘብ በመዝገቡ ይይዛል። ይህ ግምት እውነተኛ ክፍያ አይደለም፤ ሆኖም በካሳ ታሪክ ላይ እንደ ካሳ ተቆጥሮ ይታያል። ባለንብረቱ "ጥፋቱ የሌላው ሹፌር ነው" ብሎ ጉዳዩን ዘግቶ ሊተወው ይችላል፤ መዝገቡ ግን አልተዘጋም። የራሱ መድን ሰጪ ጉዳቱን ከፍሎ፣ ሕጉ በሚሰጠው የዳረጎት መብት ገንዘቡን ከጥፋተኛው ወይም ከመድን ሰጪው ሙሉ በሙሉ ካስመለሰ ኪሳራው ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ደብዳቤው ላይ ግን የተከፈለው ብቻ ተጽፎ የተመለሰው ሳይጠቀስ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የተከፈለው፣ በግምት የተያዘውና የተመለሰው በሦስት የተለያዩ ዓምዶች እንዲገለጹ መጠየቅ ይገባል። አሮጌ ግምት ካለም መዝገቡ እንዲዘጋ ማመልከት የሚቻለው ደንበኛው ገና በኩባንያው እያለ ነው፤ ከለቀቀ በኋላ የሚሰማው አያገኝም ባይባልም ይቸገራል።

ይህ ጉዳይ ከግል ባለንብረቶች ይልቅ በገንዘብ የሚገዝፈው በርካታ ተሽከርካሪዎችን በሚያስተዳድሩ መሥሪያ ቤቶች ዘንድ ነው። መድን በጨረታ ሲገዛ ተወዳዳሪዎች የሚያዩት የተሽከርካሪዎቹን ዝርዝር፣ ዓይነትና ግምት ነው። ባለፉት ዓመታት ስንት አደጋ እንደደረሰና ምን ያህል ካሳ እንደተከፈለ የሚያሳይ ሰነድ ከጨረታው ጋር ካልተያያዘ ታሪኩን የሚያውቀው አንድ ተጫራች ብቻ ይሆናል፤ እርሱም አገልግሎቱን እየሰጠ ያለው መድን ሰጪ ነው። ታሪኩ መልካም ከሆነ ሌሎቹ ለማያውቁት ሥጋት ዋጋ ጨምረው ስለሚያቀርቡ ነባሩ ኩባንያ ከእነርሱ ትንሽ ብቻ ዝቅ ብሎ ያሸንፋል። ታሪኩ መጥፎ ከሆነ ደግሞ ነባሩ ዋጋውን ከፍ አድርጎ ይርቃል፣ በዝቅተኛ ዋጋ ያሸነፈው አዲስ ኩባንያ በመጀመሪያው ዓመት ይከስርና በሁለተኛው ውሉን ለማደስ እምቢ ይላል ወይም አረቦኑን ያንራል።

መፍትሔው ማስረጃውን የመስጠት ግዴታ በውሉ ውስጥ ከመጀመሪያው ማስገባት ነው። ሕጉ ዝም ባለበት ቦታ ውል መናገር ይችላል። "መድን ሰጪው በመድን ገቢው ጥያቄ በ15 ቀናት ውስጥ የእያንዳንዱን ተሽከርካሪ የካሳ ታሪክ በሰሌዳ ቁጥር ለይቶ በጽሑፍ ይሰጣል" የሚል አንድ አንቀጽ በጨረታ ሰነዱ የውል ቃሎች ላይ ሲካተት፣ ሁሉም ተጫራች አውቆትና ተስማምቶ ይገባል፤ በመውጫው ላይ የሚለመን ነገር አይኖርም። የትራንስፖርት ክፍሉም የራሱን የአደጋ መዝገብ በየወሩ ከመድን ሰጪው መዝገብ ጋር ቢያመሳክር ስሕተቱን ገና ሳይከማች ያገኘዋል። የተሸጡና በውስጥ ዝውውር ለሌላ ቅርንጫፍ የተሰጡ መኪኖች በአሮጌው ዝርዝር ውስጥ መቆየታቸው በዚህ ማመሳከር ጊዜ በተደጋጋሚ የሚገኝ ጉድለት ነው፤ እነርሱ ያደረሱት አደጋም በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ ላይ ሲቆጠር ይኖራል።

ማስረጃው የተጻፈበት ቀንና የቀድሞው ውል የሚያበቃበት ቀን መካከል የሚቀረው ጊዜም መታየት አለበት። ለጨረታ ሲባል ከሦስት ወር በፊት የተወሰደ ደብዳቤ በመጨረሻዎቹ ወራት የደረሰውን አደጋ አያውቅም። አሸናፊው ከተለየ በኋላ፣ ውሉ ከመፈረሙ በፊት፣ ያንኑ ጊዜ የሚሸፍን አጭር ተጨማሪ ደብዳቤ ከነባሩ መድን ሰጪ ተወስዶ ከመጀመሪያው ጋር በአንድነት ይያያዛል።